ጠዋት የተጣበቀ ዓይን ሁሉ የዓይን ማዝ አይደለም

(አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በተካሄደ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት የዓይን ሕክምና ነርስ ያደረጉት ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ቅዳሜ ጠዋት የገበያና የልብስ ማጠቢያ ጊዜ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የተጠራሁበትን ምክንያት ታውቃላችሁ። በዚህ ሳምንት ከአንድ ክፍል ብቻ ሰባት ልጆች ዓይናቸው ቀልቶ ወደ ቤት ተልከዋል። ከሰባቱ አራቱን ወላጆቻቸው እኔ ወደምሠራበት ክፍል አምጥተዋቸው አይቻቸዋለሁ። ሦስቱ በእርግጥ የሚተላለፍ የዓይን ማዝ ይዟቸዋል። አራተኛዋ ግን ምንም የሚተላለፍ ነገር የለባትም። ዓይኗ አለርጂ ነው። ቀይ ነው፣ ያሳክካታል፣ ጠዋት ስትነሳ ዓይናር ይዟል። ጓደኞቿ ግን ሦስት ቀን ሙሉ «አትጠጊን» ብለዋታል። ያቺ ልጅ እያለቀሰች የነገረችኝ ነገር ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ።

ዛሬ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛው፣ ጠዋት የሚታየው ዓይናር ለምን እንደሚያሳስተን ነው። ሁለተኛው፣ ቤት ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ ማዙን ከአለርጂው፣ አለርጂውንም ከተራ መቆጣት እንዴት እንደምንለይ ነው። ሦስተኛው ስለ አንድ ጠብታ ነው። እሱን መጨረሻ ላይ የማደርገው ከሁሉ በላይ በልባችሁ እንዲቀር ስለምፈልግ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በእኛ አገር «የዓይን ማዝ» የምንለው ቃል በጣም ሰፊ ነው። በገጠር ዝንብ እያረፈበት ለወራትና ለዓመታት የሚመላለሰውን፣ በኋላም ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ እያጠፈ ዓይን የሚያጠፋውን ትራኮማንም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኔ የማወራው ሰሞኑን እዚህ ትምህርት ቤት ስለገባው፣ ድንገት መጥቶ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለሚሄደው ማዝ ነው።

የዓይናችንን ነጭ ክፍልና የቆባችንን የውስጥ ገጽ የሚሸፍን በጣም ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን ሲቆጣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ያብጣሉ፤ ዓይን ቀላ የምንለው ያንን ነው። ሽፋኑ የሚያውቀው መልስ ጥቂት ነው፤ መቅላት፣ ማበጥ፣ እንባና ፈሳሽ ማውጣት። ቫይረስም ይግባበት፣ ባክቴሪያም፣ አቧራም፣ የሽንኩርት እንባም ቢሆን የሚመልሰው በእነዚሁ ነው። ስለዚህ መቅላቱ ብቻውን ምን ይነግረናል? ምንም። የመቅላቱ ብዛትም የበሽታውን ክፋት አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ1969 ጋና ውስጥ የተነሣ የዓይን ማዝ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰው ጨረቃ ላይ በመውጣቱ ሕዝቡ በመንኮራኩሯ ስም «አፖሎ» ብሎ ጠራው። የዓይንን ነጭ ክፍል ደም የፈሰሰበት ያስመስለው ነበር፤ ያየው ሁሉ ደነገጠ። አብዛኛው ሕመምተኛ ግን በቀናት ውስጥ ዓይኑ ምንም ሳይሆን ዳነ። በሌላ በኩል እምብዛም ሳይቀሉ የሚጠፉ ዓይኖችን አይቻለሁ።

ዓይናሩስ? ቀን ቀን በየጥቂት ሰከንዱ ዓይናችንን እያርገበገብን ፈሳሹን እንጠርጋለን፤ እንባም ያጥበዋል። ሌሊት ማርገብገብ የለም፣ እንባም ይቀንሳል። ስለዚህ በአለርጂም ሆነ በጭስ የወጣች ትንሽ ፈሳሽ በማዕዘኑና በሽፋሽፍቱ ሥር ተጠራቅማ ትደርቃለች። ጤነኛ ዓይንም ጠዋት ጥቂት ዓይናር አለው። እናንተ ደግሞ ልጁን የምታዩት በዚያች በከፋችው ሰዓት ነው፤ ትምህርት ቤት ልትልኩት ስትቸኩሉ። ፍርድ የምትሰጡትም ያኔ ነው።

እባካችሁ ፍርዱን ለእኩለ ቀን አቆዩት። ጠዋት ዓይኑን አጥቡትና ከዚያ በኋላ ተመልከቱ። ከታጠበ በኋላ ምን ይወጣል? ይህ ጥያቄ ከጠዋቱ ዓይናር አሥር እጥፍ ይነግራችኋል።

ሁለት ወንድማማቾች ላሳያችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ መጣች። ታላቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ታናሹ አራት። አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። እናትየዋ ገና ሳትቀመጥ፣ «ሲስተር፣ ሁለቱንም እኩል ነው የያዛቸው፤ ጠዋት ሁለቱም ዓይናቸው አልገለጥ ብሎ በውሃ ነው ያላቀቅኩት» አለችኝ። ከቦርሳዋ አንድ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት አወጣች። ጫፉ ላይ የደረቀ ቢጫ ነገር ነበረበት። «ከዚህ ሁለቱንም እየቀባሁ አራት ቀኔ ነው፤ አልተሻላቸውም» አለች።

ሁለቱም ቀይ ነው፣ ሁለቱም ጠዋት ይጣበቃል። እናትየዋ ያየችው ልክ ነው። ግን አንድ በሽታ አልነበረም።

ታናሹን ጠየቅሁ። መጀመሪያ ጉንፋን ይዞት ጉሮሮውን አሞት ነበር። ከዚያ ማክሰኞ ቀኝ ዓይኑ ቀላ፤ ሐሙስ ግራው ተከተለ። እኔ ጋ ሲመጣ ከዓይኑ የሚወርደው ውሃ የመሰለ እንባ ነው፤ ጉንጩ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ይፈስሳል። «ያሳክክሃል ወይስ ይቆረቁርሃል?» ስለው «አሸዋ አለበት» አለኝ። ከጆሮው ፊት ለፊት፣ መንጋጋው ከሚጀምርበት ቦታ ጣቴን ሳሳርፍ እንደ ሽምብራ ያለች ንፍፊት አገኘሁ፤ ስነካት ሸሸኝ። ሙአለ ሕፃናት ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ልጆችም ታመው ነበር። ይህ በቫይረስ የሚመጣ የዓይን ማዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ አዴኖ ቫይረስ የሚባለው ነው የሚያመጣው። በአንድ ዓይን ይጀምራል፣ በአንድ ወይም በጥቂት ቀን ልዩነት ወደ ሌላው ይሻገራል። በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ቀናት ይብሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ እስከ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ድረስ ራሱ ይሄዳል። ቅባቱ ለምን አልሠራም? ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልምና ነው። እናትየዋ አራት ቀን የደከመችው ለማይሰማ በሽታ ነው።

ባክቴሪያ ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር? ወፍራም፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሆነ መግል። ስታጥቡት ይጠራል፤ ብዙም ሳትቆዩ ማዕዘኑ ላይ እንደገና ይሞላል፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። ሁለቱም ዓይን ጠዋት ተጣብቆ፣ ማሳከክ ደግሞ ከሌለ ሚዛኑ ወደ ባክቴሪያ ያጋድላል። ይህ ከአዋቂ ይልቅ በልጆች ላይ ይበዛል። አንቲባዮቲክ ጠብታ ወይም ቅባት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ ያሽለዋል።

አሁን ወደ ታላቁ እንምጣ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የጣቶቹን መገጣጠሚያ ዓይኑ ውስጥ እያሽከረከረ ያሻል። እናቱ እጁን ታወርዳለች፤ ወዲያው መልሶ ያነሣል። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያሸው?» አልኳት። «ኧረ እሱማ ልማዱ ነው፤ ሦስት ዓመት ሆኖታል» አለች። ልማድ! ሦስት ዓመት! ወላጆች፣ ዓይንን ማሸት ልማድ አይደለም። ልጁ የሚያሸው ስለሚያሳክከው ነው። የዓይን ነጭ ክፍሉ ቀይ ብቻ ሳይሆን ቡናማ ቢጤ ሆኗል፣ የቆቡ ቆዳ ጠቁሯል። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ይደፋል። ከማዕዘኑ የወጣውን ነገር በጥጥ ስይዘው እንደ ክር ተስቦ ወጣ፤ ነጭ፣ የሚለጠጥ። የላይኛውን ቆብ ገልብጬ ሳየው የውስጡ ገጽ ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ ይመስላል። ሕፃን እያለ ክርኑና ጉልበቱ እጥፋት ላይ ችፌ ነበረበት፤ አባቱም አስም አለበት።

ይህ አለርጂ ነው፤ ሙቀትና አቧራ ባለበት አገር ከአምስት ዓመት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጉርምስና ድረስ በተለይ ወንዶች ልጆችን የሚያስቸግር ጠንከር ያለ ዓይነት። ሁለቱንም ዓይን በአንድ ላይ ይይዛል። ደረቁና ነፋሻማው ወቅት ሲመጣ ይብሳል። አይተላለፍም። ደግሜ እላለሁ፤ ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም።

ልዩነቱን በእኛው ቋንቋ ያዙት። አማርኛችን ለዚህ በጣም የተመቸ ነው። ልጁ «ያሳክከኛል» ካለና እጁን ከዓይኑ መንቀል ካልቻለ አለርጂን አስቡ። «ይቆረቁረኛል» ካለ፣ እንባው ከፈሰሰ፣ ቤት ውስጥ ወይም ክፍል ውስጥ ሌላ የታመመ ካለ ማዝን አስቡ። «ያቃጥለኛል» ካለና ከጭስ፣ ከአቧራ፣ ከሳሙና ወይም ከበርበሬ በኋላ ከሆነ ተራ መቆጣትን አስቡ። ተራ መቆጣት በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ከምክንያቱ ሲርቅ በሰዓታት ውስጥ፣ ቢበዛ በማግሥቱ ይለቃል። በማግሥቱ ካልለቀቀ ስሙን ቀይሩለት፤ ምናልባት ቆቡ ሥር የተሰነቀረ ስብርባሪ አለ። በረኪና፣ ኖራ ወይም የባትሪ አሲድ ከሆነ ግን መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። እዚያው ቧንቧ ሥር ዓይኑን ከፍታችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ አጥቡ፤ ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ሩጡ። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ መኪና።

እርግጥ ቃሉ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይለይም። በቫይረስ የታመመ ልጅም ትንሽ ያሳክከኛል ሊል ይችላል። ለዚህ ነው አንዱን ምልክት ብቻ አትያዙ የምለው፤ ፈሳሹን፣ ስሜቱን፣ የጀመረበትን መንገድና የቤቱን ሰው አንድ ላይ እዩ።

የወንድማማቾቹ ነገር እዚያ አላበቃም። ከሳምንት በኋላ እናትየዋ ታላቁን ብቻ ይዛ ተመለሰች። ቆቦቹ አብጠዋል፣ እንባው ይፈስሳል፣ ከጆሮው ፊት ያቺ ንፍፊት አለች። «አሁንስ ያሳክክሃል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ማሳከኩ የድሮው ነው፤ መቆርቆሩ አዲስ ነው» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው ይህን ያለኝ! ከእሱ የተሻለ የገለጸልኝ አዋቂ አላስታውስም። በአለርጂው ላይ የወንድሙ ማዝ ተጨምሮበት ነበር። በቅባቱ ጫፍ ይሁን፣ በፎጣው፣ ወይም በጋራ ትራሳቸው መለየት አልቻልንም፤ ሦስቱም በር ክፍት ነበር።

እነዚህን በሮች እንዝጋ። አዴኖ ቫይረስ በደረቅ ነገር ላይ፣ በበር እጀታ፣ በእርሳስ፣ በስልክ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በአልኮል ብቻ በደንብ አይሞትም፤ እጅን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ መታጠብ ይበልጣል። የታመመው ልጅ ፎጣና ትራስ ለብቻው ይሁን። ዓይናሩን ለማንሣት ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፤ ጥጥ ነክራችሁ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ አንድ ጊዜ ጥረጉና ጣሉት። ለሌላው ዓይን ሌላ ጥጥ። ቅባት ስትቀቡ የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣት ዝቅ አድርጋችሁ የሩዝ ፍሬ የምታህል አኑሩ፤ የቱቦው ጫፍ ዓይኑንም ሽፋሽፍቱንም አይንካ። አንድ ቱቦ ለአንድ ልጅ። የጡት ወተት፣ የሻይ ውሃ፣ የዳማከሴ ጭማቂ ዓይን ውስጥ አይጨመር። ጸበል የምትወስዱ ወላጆች እምነታችሁን እንደማከብር ታውቃላችሁ፤ የምለምናችሁ ልጆቹ ፊታቸውን በአንድ ነጠላ እንዳይጠራረጉ ነው።

ለአለርጂው ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ ማሳከኩን ያበርዳል። ሐኪም ኦሎፓታዲን ወይም ክሮሞግላይኬት የሚባሉ ጠብታዎችን ያዛል። ክሮሞግላይኬት በሁለት ቀን ውጤቱን አያሳይም፤ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ በቀን አራት ጊዜ ሳይቋረጥ መጨመር አለበት። ብዙ ወላጅ በሦስተኛው ቀን «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። ትዕግሥት የሚፈልግ መድኃኒት ነው። ልጁ እንዳያሽም ተከታተሉት፤ ለዓመታት የታሸ ዓይን ፊቱ ቀስ በቀስ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ሊወጣ፣ እይታውም ሊዛባ ይችላል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነገር ደረስኩ። እባካችሁ ስሙኝ።

ያ የሦስት ዓመት ማሳከክ በአንድ ቀን ጸጥ የሚያደርግ ጠብታ አለ። ስቴሮይድ ይባላል። ብዙ ጊዜ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ጠርሙስ ይሸጣል። በሐኪም እጅ፣ ለጥቂት ቀን፣ በክትትል ሲሆን ዓይን ያድናል፤ እኔም ሲያድን አይቻለሁ። ያለ ክትትል ግን የዓይንን የውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ደግሞ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ እያለ ይገድላል። ግላኮማ የምንለው ይህንን ነው። አያምም። ዓይኑም አይቀላም፤ እንዲያውም ነጭ ሆኖ ያምራል። የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። በዓይን ላይ የወጣ የሄርፐስ ቫይረስ ቁስል ላይ ከተጨመረ ቁስሉን ያስፋፋዋል።

አንድ አባት የ13 ዓመት ልጁን ያመጣው በር ሲያልፍ ትከሻው መቃኑን እየመታ ስላስቸገረው ነበር። ዓይኑ ንጹሕ ነጭ ነው። «መድኃኒት ይወስዳል?» ብዬ ጠየቅሁ። «የለም፣ አለርጂ ነበረበት፤ አሁን ግን ድኗል» አለኝ አባትየው። ልጁ ኪሱ ገባና ትንሽ ነጭ ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አንድ ጊዜ የታዘዘለት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባለቀ ቁጥር ባዶውን ጠርሙስ እያሳዩ ይገዙለታል። አሥራ ስድስት ወር! ግፊቱ ከጤነኛው እጥፍ በላይ ሆኖ አገኘነው። ፊት ለፊት ያሉትን ፊደላት ያነብባል፤ ዳር ዳሩን ግን አያይም። ግፊቱን በመድኃኒት አወረድነው። የጠፋው እይታ ግን አልተመለሰም፤ አይመለስምም። አባትየው «ዓይኑ ነጭ ነበር እኮ» እያለ ሲደጋግም የነበረው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ የዓይን ጠብታዎቻችሁን አውጥታችሁ ስማቸውን አንብቡ። በ«ዴክሳ»፣ በ«ፕሬድ» ወይም በ«ቤታሜታ» የሚጀምር ቃል ካያችሁ ስቴሮይድ ነው። ሐኪም አዝዞላችሁ እየተከታተላችሁ ከሆነ በድንገት አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለጎረቤት ልጅ ግን አታውሱት።

ጊዜዬ እያለቀ ነው። ሳትጠብቁ የምትመጡባቸውን ምልክቶች ልናገር፤ መቆርቆር ሳይሆን ጥልቅ ሕመም፣ አርገብግቦ የማይጠራ ብዥታ፣ በድንገት የመጣ ብርሃን ያለመቻል፣ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ የሚታይ ነጭ ነጥብ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ከቀላ ሌንሱን አውልቆ በዚያው ቀን ይምጣ። ገና አንድ ወር ያልሞላው ጨቅላ ዓይኑ መግል ከያዘ ሌሊትም ቢሆን አምጡት፤ በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚተላለፍ ጨብጥ የሕፃንን ዓይን በአጭር ጊዜ ሊያጠፋ ይችላል።

አንድ አባት እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ ይቅርታ፣ አስጠበቅኩዎት።

*(ጥያቄ፦ «ልጁ መቼ ነው ወደ ክፍል የሚመለሰው? ሁለት ሳምንት ቤት ከተቀመጠ ትምህርቱ ያመልጠዋል።»)*

ጥሩ ጥያቄ ነው። ባክቴሪያ ከሆነና አንቲባዮቲክ ከጀመረ፣ አንድ ቀን ሙሉ ተጠቅሞ መግሉ ከቀነሰ ይመለስ። ቫይረስ ከሆነ እንባው እስኪቆም ቤት ይቆይ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ይሆናል። ትንሽ ቅላት ቢቀር እሱን አትጠብቁ። አለርጂ ወይም ተራ መቆጣት ከሆነ አንድም ቀን አይቅር። መምህራን፣ ያቺ ያልኳችሁ ልጅ ሰኞ ትመጣለች። ዓይኗ አሁንም ቀይ ይሆናል። እባካችሁ የቀድሞ ቦታዋ ላይ፣ ከጓደኞቿ መካከል አስቀምጧት።